ዛሬ የሚወጣውን ገንዘብ ከNPV ውጭ መደመር ወይስ ውጤቱን ማባዛት?

NPV ወደፊት የሚመጣን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋው የሚመልስ የኤክሴል ቀመር ነው። ኤክሴል NPV ውስጥ የገባውን የመጀመሪያ ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ነው የሚቆጥረው። ዛሬ የሚከፈለውን እዚያው ከከተቱት እሱም የአንድ ዓመት ቅናሽ ይደረግበታል። ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው።

B1 ላይ ዓመታዊው የቅናሽ ተመን 10% አለ እንበል። B2 ላይ የዛሬው -1000፣ ከB3 እስከ B5 ደግሞ 500፣ 500 እና 300።

```
=NPV(B1,B3:B5)+B2
=NPV(B1,B2:B5)*(1+B1)
```

ሁለቱም 93.16 ይሰጣሉ። ሁሉንም ከትተው ዝም ካሉ ግን 84.69 ይወጣል። ምልክቱ ስለማይቀየር ስህተቱ በቀላሉ አይታይም፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው።

መደመሩ ለማንበብ ይቀላል። ሌላ ሰው ፋይሉን ሲከፍት የዛሬው ወጪ ለብቻው ይታየዋል። አደጋው B2 አሉታዊ ሆኖ ሳለ በመደመር ፈንታ መቀነስ ነው።

ማባዛቱ ክልሉን ሳይነካ ይተወዋል። NPVን ዜሮ የሚያደርገውን ተመን የሚያሰላው IRR ራሱ B2:B5ን ስለሚፈልግ ሁለቱ ይጣጣማሉ። ግን (1+B1) ለምን እንደመጣ ካልተጻፈ፣ የሆነ ሰው ትርፍ መስሎት ያጠፋዋል።

ባዶ ሴል ሁለቱንም ያበላሻል፤ NPV ይዘለውና ቀጣዮቹን ዓመታት አንድ ዓመት ቀደም አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ገቢ የሌለበት ዓመት ላይ 0 ይጻፉ።

ለሰው የሚላክ ፋይል ከሆነ መደመሩን እመርጣለሁ። ክልሉ በሌሎች ቀመሮችም የሚሠራበት ከሆነ ማባዛቱ ይሻላል።