ሁለት ቀጭን ማከፋፈያ ወይስ አንድ ወፍራም? ከመግዛታችሁ በፊት ዋቱን ደምሩ

ሶኬት ሲያጥር መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ያው ነው፦ ሌላ ማከፋፈያ ገዝቶ ከነበረው ላይ መቀጠል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰካው ስፒና ዙሪያው ቡኒ ሆኖ አገኘሁት፣ ስነቅለው ደግሞ ጣቴን ለበለበኝ። ካውያውና የውሃ ማፍያው የተሰኩት ግን እዚያ ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ማከፋፈያ ላይ ነበር። ታዲያ ለምን የመጀመሪያው ጋለ?

ሒሳቡን እንየው። የውሃ ማፍያው 1800 ዋት፣ ካውያው 1000፣ ቲቪው 100፣ ላፕቶፑ 65፣ የስልክ ቻርጀሩ 20። ድምሩ 2985 ዋት። ይህን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 13.6 አምፔር ይመጣል። ማከፋፈያዬ ላይ የተጻፈው ደግሞ 10 አምፔር ነበር። ሁለት ባለ 10 ሲቀጣጠሉ 20 የሚሆን ይመስላል፣ አይሆንም። ሁለተኛው የሚስበው በሙሉ በመጀመሪያው ገመድና ስፒና ነው የሚያልፈው፣ የመጀመሪያው የራሱም ጭነት አለበት። ቀዳዳ ጨመራችሁ እንጂ አቅም አልጨመራችሁም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንዳንዱ ባለ 10 አምፔር ማከፋፈያ ላይ 2500 ዋት ተብሎ ይጻፋል፣ ምክንያቱም 10ን ያባዙት በ250 ቮልት ነው። በ220 ቮልት ግን 2200 ብቻ ነው። ስለዚህ አምፔሩን እዩና ራሳችሁ አባዙ።

አሁን ወደ ገመዶቹ። ርካሹ ማከፋፈያ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ ወፍራሙ 1.5። ላስቲኩን አይታችሁ አትፍረዱ፣ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ሊኖር ይችላል፤ ገመዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ፈልጉ። በዚያ 13.6 አምፔር 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭኑ ገመድ ወደ 25 ዋት ገደማ ወደ ሙቀት ይለውጣል፣ ወፍራሙ ግማሹን። ሙቀቱ ከጭነቱ እኩል አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ገመዱ ተጠቅልሎ ወይም ምንጣፍ ስር ካለ ደግሞ ያ ሙቀት መውጫ የለውም።

ግን የእኔን ስፒና ያቃጠለው ገመዱ አይመስለኝም። የላላ መገጣጠሚያ ነው። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ ሲላላ እዚያች ነጥብ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጠር 13.6 አምፔር ሲያልፍባት 18 ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣል። የገመዱ 25 ዋት በ3 ሜትር ላይ ይበተናል፣ ይሄኛው ግን ሙሉ በሙሉ አንድ ብረት ላይ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን ትንሽ ካውያ አስቡ። ብረቱ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ማከፋፈያ በቀጠላችሁ ቁጥር ደግሞ እንዲህ ዓይነት መገጣጠሚያ እየጨመራችሁ ነው።

"ብሬከሩ ያጠፋዋል እኮ" የሚል አይጠፋም። የግድግዳው ብሬከር 16 አምፔር ከሆነ 13.6ቱ ለእሱ ምንም አይደለም። እሱ የሚጠብቀው የግድግዳውን ሽቦ ነው፣ የእናንተን ማከፋፈያ አያውቀውም።

ታዲያ ማጥፊያ ቁልፍ ያለው ማከፋፈያስ? ሁለት ዓይነት ነገር ስላለ አትምታቱ። አንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው፣ ምንም አይጠብቅም። ሌላው ጭነት ሲበዛ ትንሽ ቆይቶ በራሱ የሚዘል ነው፤ ሲዘል ተጭናችሁ ትመልሱታላችሁ። ለዚህኛው ብጨምር አይቆጨኝም። ግን የላላ መገጣጠሚያን አያይም፣ አምፔሩ አልበለጠማ። ከመብረቅና ከመብራት መዋዠቅ ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠውም የጭነት ጉዳይ አይመለከተውም።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቦታ መሰካት ግድ ከሆነባችሁ ሁለት ርካሽ ከመግዛት አንድ ባለ 16 አምፔር፣ ባለ 1.5 ሽቦ፣ በራሱ የሚዘል ቁልፍ ያለውና የሚበቃችሁን ያህል ቀዳዳ ያለው ውሰዱ። 16 አምፔር 3520 ዋት ነው፣ ለረጅም ሰዓት ግን እስከ 2800 ብቻ ብትጭኑበት ይሻላል፤ ያ የእኔ 2985 ለእሱም ትንሽ በዝቷል። የውሃ ማፍያውን ለብቻው ግድግዳ ላይ ከሰካችሁት ግን የሚቀረው 1185 ዋት፣ 5.4 አምፔር ነው። እንዲያ ከሆነ ደህና የሚይዝ ባለ 10 አምፔሩ አንድ ማከፋፈያም ይበቃችኋል፣ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ። ገዝታችሁ ስትመጡ ግማሽ ሰዓት ተጠቀሙበትና ስፒናውን በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ካለ ችግር የለውም፣ እጃችሁን ማሳረፍ ካልቻላችሁ ወይም ላስቲክ ላስቲክ ከሸተተ ነቅላችሁ መልሱላቸው።