ፖሊሲያችንን አንብባ ከኪሳራ ላዳነችን የከዚራዋ እህታችን

ድሬዎች፣ ይሄ ምስጋና ዘግይቷል። ከዚራ ትንሽ ቢሮ ያላት፣ ድሮ ኢንሹራንስ ቤት የካሳ ክፍል ትሠራ የነበረች እህት አለች። የጤና ኢንሹራንስ ፖሊሲ ይዛችሁላት ከሄዳችሁ ቁጭ ብላ ታነብላችኋለች።

ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ተገኘባትና ሐኪሙ ኦፕራሲዮን አለ። ፖሊሲያችን የጀመረው መስከረም 22 ቀን 2017 ነው፤ እኛ የሄድነው ሰኔ ላይ። የመጠባበቂያ ጊዜው፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር የሚጠበቀው ጊዜ፣ 30 ቀን ነው ስለተባልኩ ካለፈ ቆይቷል ብዬ ተዝናንቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የተኝቶ ሕክምና ጣሪያ በጣቴ እያሳየኋት «ይኸው፣ ተሸፍኗል» አልኳት።

እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ነው። ቀኑ ከፖሊሲው መጀመሪያ በፊት ቢሆን ኖሮ ሕመሙ «ቀድሞ የነበረ» ተብሎ ሌላ ጣጣ ይመጣ ነበር። የእኛ መጋቢት ላይ የተነሳ ነው፣ ሕመሙም የጀመራት ጥር ላይ ነው። ይሄ አለፈ። ቀጥላ የማይሸፈኑትን ዝርዝር አየች፤ እዚያ ውስጥ ያለ ነገር ስንት ዓመት ብንጠብቅም አይከፈልም አለችኝ። የሐሞት ጠጠር የለበትም። ከዚያ አንድ ገጽ ገለበጠችና በእስክሪብቶ አሰመረችበት፦ ቡአ፣ የሐሞት ጠጠር፣ ቶንሲል፣ የዓይን ሞራ፣ 12 ወር። ለካ 30 ቀኑ ለተራ ሕመም ነው፣ ለአደጋ ደግሞ ጭራሽ መጠበቅ የለም፣ እነዚህ ግን የራሳቸው ቆጠራ አላቸው።

አቦ፣ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ፖሊሲው የአንድ ዓመት ነው፣ መጠባበቂያው ደግሞ 12 ወር። በመጀመሪያው ዓመት ለዚህ ሕመም የከፈልኩት አረቦን ምንም አይመልስልኝም ማለት ነው፤ ሽፋኑ የሚጀምረው ሳይቋረጥ ካደስኩ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ባሳልፍ በእኛ ውል መሠረት ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ያውም እኔ ሁሌ እድሳት የምከፍለው ዘግይቼ ነው!

«ይቆይ አይቆይ የሚለውን እኔ አልወስንም፣ ሐኪሙን ጠይቁ» አለችን። ጠየቅን። ሕመሙ አልፎ አልፎ ስለሆነ መጠበቅ ይቻላል፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከመጣ ግን የኢንሹራንስ ነገር ቀርቶ ወዲያው ኑ አለን። ደግነቱ አልመጣም። ቀኑ ሳይደርስ 10 ቀን ቀድሜ አደስኩ፣ ቆጠራው እንደቀጠለም በደብዳቤ እንዲያረጋግጡልኝ እሷ ባረቀቀችልኝ ማመልከቻ ጠየቅኩ። ጥቅምት ላይ የኢንሹራንሱን ፈቃድ አስቀድመን አስወጥተን፣ ከእነሱ ጋር ውል ካላቸው ሆስፒታሎች በአንዱ ተሠራላት። እኛ የከፈልነው 10 በመቶ ድርሻችንን ብቻ ነው።

ለማንበቢያ 500 ብር ነው ያስከፈለችኝ። አድራሻዋን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ፖሊሲውን ከነአባሪዎቹ ይዛችሁ ሂዱ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ከወሰዳችሁ ትመልሳችኋለች። ሙቀቱ በረድ ሲል ከአስር ሰዓት ጀምሮ ትገኛለች።