ለልጆች ፊልም ስትመርጡ የትኛውን የዕድሜ ደረጃ ልትከተሉ? አሜሪካ፣ እንግሊዝና ጀርመን ጎን ለጎን

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የጎንደር ዝናብም ልጆችን ቤት ያስቀምጣል። ያኔ ነው ፊልም ፍላሽ ላይ የሚጭኑ ቤቶች ሥራ የሚበዛባቸው። ወላጅ ፍላሹን ይሰጥና «ለልጆች የሚሆን ጫንልኝ» ይላል። ጫኚው ፖስተሩ ላይ PG-13 የሚል ካየ «ይቺ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትሆናለች» ብሎ ይጭናል። ከጀርመን ዘመድ ዲቪዲ የላከለት ሰው ደግሞ ሽፋኑ ላይ ባለ ቀለም ምልክት ከነቁጥሩ ያገኛል። ሁለቱም የዕድሜ ደረጃ ናቸው። የሚለኩት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ሁለት ፊልሞችን እንይ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ዘ ኪንግስ ስፒች» ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ አንደበቱ እየተያዘ ሲቸገር፣ የንግግር አሠልጣኙ ላዮኔል ሎግ እንዴት እንዳገዘው ይተርካል። ሌላው በ2008 የወጣው «ዘ ዳርክ ናይት» ነው፤ ባትማን ከጆከር ጋር የሚፋለምበት።

| | አሜሪካ | እንግሊዝ | ጀርመን |
|---|---|---|---|
| ዘ ኪንግስ ስፒች | R | 12A | 0 |
| ዘ ዳርክ ናይት | PG-13 | 12A | 16 |

ሠንጠረዡን ደግማችሁ እዩት። R ከPG-13 የጠበቀ ደረጃ ስለሆነ፣ ለአሜሪካ የሚከብደው የንጉሡ ፊልም ነው። ለጀርመን ደግሞ የንጉሡ ፊልም ማንም ሊያየው የሚችል ነው፤ ልጅ የማይገባበት ባትማን ነው። እንግሊዝ ሁለቱንም እኩል አድርጋለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ትዕይንት ነው። ሎግ ንጉሡ ሲሳደብ እንደማይንተባተብ ይታዘባል። ስለዚህ ሆን ብሎ ያናድደዋል፣ ንጉሡም በእንግሊዝኛ ከባድ የሚባሉትን የብልግና ቃላት እያከታተለ ያወርዳቸዋል። የሚሰደብ ሰው የለም። ምላሱን ለማፍታታት ነው።

በአሜሪካ ደረጃውን የሚሰጠው ከ1968 ጀምሮ በፊልም ኩባንያዎች ማኅበር ሥር የሚሠራ ቦርድ ነው። ፊልሙን አይተው ድምፅ የሚሰጡት ወላጆች ናቸው። ለብልግና ቃል የተቆረጠ መስመር አላቸው። ያ ከባዱ ቃል ለስድብ ያህል አንዴ ቢነገር በPG-13 ያልፋል፤ ከዚያ ከበለጠ R ይሆናል። ከቦርዱ ሁለት ሦስተኛው ይለፍ ካላለ በቀር ይህ አይቀየርም። የንጉሡ ፊልም R ያገኘው በቃላቱ ብቻ ነው፤ ከደረጃው ሥርም ምክንያቱ ይኸው ተብሎ ተጽፏል። በ2011 አከፋፋዩ ከቃላቱ የተወሰኑትን ድምፃቸውን አጥፍቶ ሌላ ቅጂ አወጣ። ያ ቅጂ PG-13 አገኘ። ታሪኩ ያው ነው።

እንግሊዞች መጀመሪያ 15 ሰጡት። አከፋፋዩ ይግባኝ ሲል ወደ 12A አወረዱት። ቃላቱ ሰውን ለማዋረድ ሳይሆን ለሕክምና የተነገሩ መሆናቸውን ቆጠሩለት። የእንግሊዙ ቦርድ ከቁጥሩ ይልቅ ቃሉ ለምን ተነገረ የሚለውን ያያል። ጀርመኖች ደግሞ የሚጠይቁት ይህ ፊልም የልጅን እድገት ይጎዳል ወይ ብለው ነው። የሚጎዳ ነገር አላገኙበትም።

ወደ ባትማን ስንመጣ ጆከር እርሳስ ጠረጴዛ ላይ ያቆምና «እርሳሱን ላጥፋላችሁ» ብሎ የአንዱን ሰውዬ ጭንቅላት ይደፍቅበታል። በአንድ ቅጽበት ያልቃል፣ ደምም አይታይም። ሌላ ቦታ ደግሞ ቢላዋ ሰው አፍ ውስጥ አድርጎ ሲያስፈራራ ይቆያል። ደም ስለማይረጭ አሜሪካ በPG-13 አሳለፈችው። እንግሊዝም 12A ሰጠችው፤ በዚህ ግን ከወላጆች ብዙ ቅሬታ ደረሳት። ጀርመን 16 ላይ አቆመችው። እኔ እዚህ ላይ ከጀርመን ጋር ነኝ። ደም ባይታይም የስምንት ዓመት ልጅ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው በእንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ለእኛ ቤት የትኛው ይሻላል? ሥጋታችሁ ምን እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። ልጁ ይፈራል፣ ይደነግጣል፣ ድብድቡን ይቀዳል ብላችሁ ከሆነ የጀርመኑን ቁጥር ተከተሉ። በጭካኔ ላይ ከሦስቱ ጠንቃቃው እሱ ነው።

ነገር ግን ጀርመን ራቁት ገላ ብዙም አያስጨንቃትም። 12 የተጻፈበት ፊልም ላይ ድንገት ብቅ ሊል ይችላል። አያትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ በሚቀመጡበት ሳሎን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ላይ የሚጠቅመው የአሜሪካው ነው፤ ለወሲብና ለገላ ቶሎ ደረጃውን ከፍ ያደርጋል። ከደረጃው ሥር በተጻፈችው አጭር መስመር ላይ «ኑዲቲ» ወይም «ሴክሹዋል» የሚል ቃል ፈልጉ።

«ላንጉጅ»፣ ማለትም የብልግና ቃል፣ ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ እንግሊዝኛ ለማይሰማ የስድስት ዓመት ልጅ R ያን ያህል ሊያስደነግጣችሁ አይገባም። የ14 ዓመቱ ግን ቃሉን በማግሥቱ ሰፈር ያወጣዋል፣ ለእሱ ይታሰብበት። ሁለቱም ዓይነት ሥጋት ካለባችሁና አንድ ቦታ ብቻ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ፣ BBFC በሚባለው የእንግሊዙ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ የፊልሙን ስም አስገቡ። ጭካኔው፣ ቃላቱ፣ ወሲቡ ምን ድረስ እንደሆነ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል። እኔ ጊዜ ካለኝ የምመርጠው ይህንን ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚያስገድድም ይለያያል። PG-13 ክልከላ አይደለም፤ ወላጅ ይጠንቀቅ ማለት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን ቲኬት ቢቆርጥ ደረጃው አይከለክለውም። R እንኳ ከ17 ዓመት በታች ያለው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ይግባ ይላል እንጂ በሩን አይዘጋም። 12A ከ12 በታች ያለው ከአዋቂ ጋር ይግባ ነው። የጀርመን 16 ግን በሕግ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ አባቱን ይዞም ሲኒማ አይገባም። ስለዚህ የአሜሪካን 13 እና የጀርመንን 16 በሦስት ዓመት ብቻ የሚበላለጡ አድርጋችሁ አትቁጠሩ።

ከጀርመን የመጣ ዲቪዲ ላይ ቀለሙም ይናገራል። ነጭ 0፣ ቢጫ 6፣ አረንጓዴ 12፣ ሰማያዊ 16፣ ቀይ 18 ነው። ነጭ ማለት አይጎዳም ማለት እንጂ የልጆች ፊልም ነው ማለት አይደለም። የንጉሡን ፊልም ለአምስት ዓመት ልጅ ብትከፍቱለት ሁለት ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ እያየ ይሰለቻል።

ፍላሽ ላይ የሚጫነው ነገር ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ደረጃ የሚሰጠው ለአንድ የተወሰነ ቅጂ ነው። ፖስተሩ PG-13 ቢልም የፋይሉ ስም ላይ `UNRATED` ወይም `EXTENDED` ካያችሁ፣ ሲኒማ ቤት ያልታየ ትዕይንት ሊኖርበት ይችላል። አንዳንዴ የተጨመረው ደረጃውን ለማሳነስ የተቆረጠው ራሱ ነው። ከመጫኑ በፊት የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ቃሉ ካለበት ሲኒማ የታየውን ቅጂ ይፈልግላችሁ፣ ካጣው ሌላ ፊልም ምረጡ።