መስመር መቁጠር ወይስ የሂሳብ ቁጥር መደመር?

ካዛንቺስ ያለ አንድ ቢሮ የ212 ሠራተኞችን ደመወዝ በአንድ ፋይል ወደ ባንክ ሊልክ ነው እንበል። መስመር መቁጠር ቀላል ነው፤ 211 ከመጣ አንድ ሰው ተዘሏል። ግን አንዱ ተዘሎ ሌላው ሁለቴ ቢገባስ? ያው 212 ነው።

ይህን የሚያጋልጠው የሠራተኞቹ የባንክ ሂሳብ ቁጥሮች ድምር ነው። ድምሩ በራሱ ምንም ትርጉም የለውም። በጸደቀው ዝርዝርና በሚላከው ፋይል እኩል ይምጣ እንጂ። Excel ላይ ሂሳብ ቁጥሩ በC ዓምድ እንደ ጽሑፍ ከተቀመጠ `SUM` ዝም ብሎ 0 ይሰጣል፤ ለ13 አሃዝ ሂሳቦች ይህ ይሠራል፦

```
=SUMPRODUCT(--C2:C213)
```

መጨረሻው 4528 የሆነ ሂሳብ 4258 ተብሎ ቢጻፍ ድምሩ በ270 ይጎድላል። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ የተገላበጠ አሃዝ ፈልጉ።

እኔ ድምሩን እመርጣለሁ። የሁለት ሠራተኞች ሂሳብ እርስ በርስ ከተቀያየረ ግን እሱም አያየውም። እዚያ ላይ ስምና ሂሳብ በዓይን ማመሳከር ግድ ነው።