ምስጋና ለልደታው ማመልከቻ ጸሐፊ

አሠሪዬ የሥራ ሰዓቴን አሸጋሽጎልኝ የማታ የኮዲንግ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ፈቃዱ የተገኘው በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፉልኝ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በሸራ ጥላ ሥር የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለነገሩኝ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

በአንድ አስመጪ ድርጅት ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ ልጆቹን አስተኝቼ በስልኬ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊውን ኮርስ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ስሳሳት ፊት ለፊት የሚያርመኝ መምህር አስፈለገኝ። ያገኘሁት የማታ ክፍል ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ልክ በ11 ሰዓት ይጀምራል። እኔ ከሥራ የምወጣው በ11 ሰዓት ነው። የታክሲ ሰልፍ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማመልከቻ ለማስጻፍ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ የሌላ ሰው ማመልከቻ ከፍታ ስሙን በእኔ ስም ቀየረችው። "ያለብኝን ከባድ የኑሮ ችግር ተመልክታችሁ" የሚል ልመና ሞልቶበታል፤ በስንት ሰዓት ልወጣ እንደምፈልግ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ጭራሽ መጨረሻው ላይ የማላውቀው ሰው ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። ገንዘቤን ግን ቆጥራ ተቀበለች።

ሁለተኛው ከእሷ የባሰ ነው። ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ ሰውዬ ደብዳቤውን በአንቀጽ ቁጥር አጨናንቆ "መብቴ ሳይከበር ቢቀር" ብሎ ዘጋው። ከታች ደግሞ ግልባጭ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ብሎ ጻፈበት። ገና ጥያቄዬን ሳላቀርብ ከሳሽ አደረገኝ! ይህንን ይዤ ብገባ ኖሮ ትምህርቱ ቀርቶ ሥራዬም ያሰጋኝ ነበር። "እናት ሆነሽ ደግሞ ኮዲንግ ምን ያደርግልሻል?" ያለኝም እሱ ነው። ምን አገባው?

ጋሼ ጋ የደረስኩት በዚህ ምሬት ላይ እያለሁ ነው። ገና ቁጭ ስል ብሶቴን ዘረገፍኩት፤ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር መሆኑን፣ እናቴ ልጆቹን ለመያዝ መስማማቷን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። አላቋረጡኝም። ሻይ አስመጡልኝና ስጨርስ "ልጄ፣ ይህንን ለእኔ ስለነገርሽኝ ቀለል ይበልሽ። ለሥራ አስኪያጁ የምንጽፈው ግን ሌላ ነው" አሉኝ። ቀጥለው "ከ10 ሰዓት በኋላ ያንቺን ሥራ የሚሠራው ማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ዝም አልኩ። እስከዚያ ቀን ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የዕለቱ የሽያጭ ሒሳብ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ ስነግራቸው "ሥራ አስኪያጁ የሚፈራው ይህንን ነው፤ ሄደሽ ከባልደረባሽ ጋር ተስማሚና ነይ" ብለው ሳይጽፉልኝ፣ አንድ ብርም ሳይቀበሉ መለሱኝ። ለቅርብ አለቃዬም አስቀድሜ በቃል እንድነግር አዘዙኝ፤ ደብዳቤ ያለ ወሬ ዱብ ሲልባቸው አለቆች ይከፋቸዋል አሉ።

ስመለስ የሥራ ሰዓቴን በወረቀት ላይ ደመሩት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 8 ሰዓት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን፣ በሳምንት 44 ሰዓት። ሦስቱን ቀን በ10 ሰዓት ብወጣ የሚጎድለው 3 ሰዓት ብቻ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብጨምር ይሞላል። ስለ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያብራሩልኝን ሁሉ ተረድቻለሁ አልልም። የገባኝ ይህ ነው፦ አሠሪው የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት ቀንሶ በሌላው ላይ መደልደል ይችላል፤ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ከሁለት ሰዓት የበለጠ መጨመር ግን አይችልም። የእኔ ማክሰኞ 9 ሰዓት ተኩል ስለሚሆን ከጣሪያው በታች ነው። "ለትምህርት ብለው ይልቀቁሽ የሚል ግዴታ ግን የለባቸውም፤ ስለዚህ እንጠይቃለን እንጂ አንሟገትም" አሉኝ። ቀን ላይ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሚከፈል፣ አሠሪው ኋላ ክፍያ ትጠይቀኛለች ብሎ እንዳይሰጋ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡበት። ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል፦

> ጉዳዩ፦ የሥራ ሰዓት ሽግሽግ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ
>
> ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንድወጣ፣ የሚጎድለውንም 3 ሰዓት ማክሰኞና ሐሙስ እስከ 12 ሰዓት ከ30 በመሥራት እንዳካክስ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ሽግሽጉ የሚደረገው በራሴ ጥያቄ ስለሆነ የማክሰኞና የሐሙስ ሰዓት ማካካሻ እንጂ ትርፍ ሰዓት አይደለም። ከ10 ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ደረሰኝ ባልደረባዬ ልትረከብልኝ ተስማምታለች፤ በማግሥቱ ጠዋት መዝግቤ አስረክባለሁ። የወር ሒሳብ በሚዘጋባቸው የመጨረሻ ሁለት የሥራ ቀናት ትምህርት ቢኖረኝም እስከ 11 ሰዓት እሠራለሁ። አሠራሩ ለሦስት ወር ታይቶ ሥራ የሚበድል ከሆነ ወደ ቀድሞ ሰዓቴ እመለሳለሁ።

ልጆቼ አንድም ቦታ አልተጠቀሱም። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነበው ግን ሥራ አስኪያጁ እሺ ለማለት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው እንዳለ አየሁ። በአባሪነት የትምህርቱን ፕሮግራምና የስልኩን ኮርስ የምስክር ወረቀት አያያዝን። ግልባጩ ለቅርብ አለቃዬ ብቻ ሆነ። ሁለት ቅጂ አትመው አንደኛውን መዝገብ ቤት ቀንና ቁጥር አስጽፌበት እንዳስቀር ነገሩኝ።

ሥራ አስኪያጁ ጠርተው ያነጋገሩኝ ስለ ወር መዝጊያው ብቻ ነው። የሙከራውን ጊዜ ወደ ሁለት ወር ዝቅ አድርገው ፈቀዱ። ጋሼ "በቃል እሺ ቢሉሽ እንዳትቀበዪ፤ አለቃ ይቀየራል" ብለውኝ ስለነበር መልሱን በደብዳቤ ጠይቄ ወሰድኩ። የጋሼን ምክር እዚህም ላይ አመሰገንኩ።

የጠየቁኝ ክፍያ ከሁለቱም ያነሰ ነው። ጨምሬ ስሰጣቸው መለሱልኝ። እህቶቼ፣ በተለይ እየሠራችሁ መማር የምትፈልጉ እናቶች፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ከፍርድ ቤቱ ወጣ እንዳላችሁ "ሽማግሌው ማመልከቻ ጸሐፊ" ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ጠዋት በችሎት ጉዳይ ሰልፍ ስለሚበዛባቸው ከሰዓት በኋላ ይሻላል። የሥራ ሰዓታችሁንና የትምህርቱን ፕሮግራም በወረቀት ይዛችሁ፣ የሚተካችሁንም ሰው አነጋግራችሁ ሂዱ፤ አለዚያ እንደ እኔ ሻይ አጠጥተው ይመልሷችኋል።