«ሱፍ አልብሱልኝ» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንገቱን እዩ

ለሥራ ማመልከቻ ፎቶ ፈለግኩ። ያለኝ በቲሸርት የተነሳሁት ብቻ ነበር። ፎቶው ላይ ሱፍ እንዲያለብሰኝ ለአንድ የፎቶ ኤዲተር ሙሉ ክፍያ ቀድሜ ላክሁ። ፎቶው ሲመጣ በስልክ አምሮ ታየኝና «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። እናንተ ይህን ቃል እንዳትቸኩሉበት።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ 200% አሳደግኩት። መጀመሪያ ያየሁት አንገቴን ነው። የአገጬ ጥላ አንገቴ ላይ ወርዶ ኮሌታው ጋ ሲደርስ ድንገት ይቆማል። እውነተኛ ሸሚዝ ቢሆን ጥላው ኮሌታው ላይም ይወርድ ነበር። ደግሞ ጨርቅ ቆዳን በሚነካበት ቦታ ቀጭን ጥቁረት ይኖራል፤ እኔ ጋ ምንም የለም። አንገቴ ኮሌታው ውስጥ አልገባም፣ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

ይህ የሚሆነው ኮትና ሸሚዙ እንደ አንድ ቁራጭ ሲለጠፍ ነው። በትክክል የሚሠራ ሰው የኮሌታውን ጀርባ ከአንገት ኋላ፣ ፊቱን ከአንገት በፊት አድርጎ በተለያየ ሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በሚደረብ ንብርብር፣ ያስቀምጣል። ከዚያ ጥላውን ከሥሩ ያለውን በሚያጠቁር የ Multiply ሌየር፣ ጠርዙን አለስልሶ ይስላል። የኮቱን ትከሻም ምስልን በሚያጣምመው Warp ከራሳችሁ ትከሻ ጋር ያስማማል።

የባሰው ግን ደረቴ ላይ ነው። ብርሃኑ የመጣው ከቀኜ ነበር። የመረጠው ኮት ግን ብርሃን ከግራ መጥቶበት የተነሳ ነበር፤ የእጥፋቶቹም ጥላ እንደዚያው ነው። እንዲገጥምለት ኮቱን እንደ መስታወት ገለበጠው። ብርሃኑ ተስማማ፣ የደረት ኪሱ ግን ወደ እኔ ቀኝ ሄደ! የሱፍ ኮት የደረት ኪስ በለባሹ ግራ በኩል ነው። ፎቶው ላይ ታዲያ ለተመልካቹ በቀኝ መታየት አለበት። ቅጥር የሚያይ ሰው ምክንያቱን ባይናገርም አንድ ነገር ይረብሸዋል።

አስተካክልልኝ ስለው ሌላ ክፍያ ጠየቀኝ። የሰጠኝ ደግሞ ጄፔግ ብቻ ስለሆነ ሌየሮቹ ተጨፍልቀዋል። ሌላ ባለሙያ ከዋናው ፎቶ እንደ አዲስ መጀመር ነበረባት።

ስለዚህ ግማሹን ብቻ ቀድማችሁ ክፈሉ፤ ቀሪውን አሳድጋችሁ ካያችሁ በኋላ። ሌየሩ ያለበትን ፋይል እንደሚሰጣችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ፊታችሁ ወደ ጎን ዞሮ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት የተነሳ ኮት አትቀበሉ፤ የኮሌታው ሁለት ጎን እኩል ስለሚታይ አንገቱ የተጣመመ ይመስላል።

ሁለተኛዋ ባለሙያ አብሮ የሚሄድ ኮት ፍለጋ አልገባችም። የጓደኛዬን ኮትና ሸሚዝ ለብሼ፣ ዋናውን ፎቶ በተነሳሁበት መስኮት አጠገብ፣ በዚያው አቋቋም በስልክ እንድነሳ ጠየቀችኝ። ኮቱን ከዚያ ፎቶ ቆርጣ ወሰደችው። የእጥፋቱም የጥላውም ብርሃን ከፊቴ ጋር አንድ ስለነበር የቀራት የኮሌታውን ጠርዝ ማለስለስ ብቻ ነበር።