×400 ወይስ ስኬል ባር?

የሽንኩርት ሴል ሥዕል ተሰጥቷችሁ የሴሉን እውነተኛ ርዝመት አስሉ ተብላችኋል እንበል። ሥዕሉ ላይ በማስመሪያ ሲለካ ርዝመቱ 90 ሚሊሜትር ነው። ከጎኑ 400 እጥፍ መጉላቱን የሚያሳይ ×400 የሚል ካለ፣ መጀመሪያ አሃዱን ቀይሩ። 1 ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮሜትር ስለሆነ 90,000 ይሆናል። ለ400 ሲካፈል 225 ማይክሮሜትር ይመጣል። ብዙ ተማሪ ሳይቀይር ያካፍልና «0.225 ማይክሮሜትር» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ከሆነማ ሴሉ ከአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች አነሰ ማለት ነው!

በስኬል ባሩስ? ሥዕሉ ላይ ተሰምሮ 100 ማይክሮሜትር የተባለው መስመር ሲለካ 40 ሚሊሜትር ነው። 90ን ለ40 አካፍሉና በ100 አባዙት፤ ያው 225። ሁለቱም በሚሊሜትር ስለተለኩ አሃድ መቀየር አያስፈልግም። ሥዕሉ ስንት እጥፍ እንደጎላ ከተጠየቀ ግን መቀየር ግድ ነው፤ 40,000 ሲካፈል ለ100፣ 400 እጥፍ።

ልዩነቱ የሚወጣው ሥዕሉ ፎቶኮፒ ሲደረግ ነው። በግማሽ ካነሰ ሴሉ 45፣ መስመሩ 20 ሚሊሜትር ይሆናል። ስኬል ባሩ አሁንም 225 ይሰጣል። ×400 የሚለው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ስናሰላበት 112.5 ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱም ካሉ እኔ ስኬል ባሩን ነው የማምነው። መስመሩ 10 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ግን ተጠንቅቃችሁ ለኩ፤ የ1 ሚሊሜትር ስህተት መልሱን በ10 በመቶ ገደማ ያዛባዋል።